አፄ ዮሐንስ መጽሐፉን ለምን አስመለሱት?

(አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለትምህርት ቤቷ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ያደረገችው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «አፈ ታሪክ ለዛሬ ሰው ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛችን «ለእንቅልፍ!» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እኔም ስቄአለሁ። ግን መልስ አለኝ። የዓለምን አፈ ታሪክ በሙሉ ልዘረዝር አልመጣሁም፤ አንዱን ብቻ፣ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። «ይኼንንማ ማን የማያውቅ አለ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የሠራውን ሥራ ግን ብዙዎቻችን አልተከታተልነውም፤ ሥራው ደግሞ ከታሪኩ አይተናነስም።

ከአንድ ደብዳቤ ልጀምር። ደብዳቤው በ1864 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ እንግሊዝ የተላከ ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1860፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ገባ፤ አፄ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠው፤ አምባው ላይ ተሰብስቦ የነበረው ንብረት ተዘረፈ። ከብራና መጻሕፍቱ ከ300 በላይ የሚሆኑት ለንደን፣ የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ። ከእነዚያ መካከል ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩ።

አሁን የአፄ ዮሐንስን ሁኔታ ልብ በሉልኝ። ገና ደጃዝማች ካሳ ሳሉ ናፒየር በአገራቸው አልፎ እንዲሄድ ስለፈቀዱለት፣ ሲመለስ መድፍና ብዙ መቶ ጠመንጃ ትቶላቸው ሄዷል። በዚያ መሣሪያ በ1863 ዓ.ም. ሐምሌ ዐድዋ አጠገብ አፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አድርገው ማረኳቸው። በ1864 ጥር አክሱም ላይ በሥርዓቱ ተቀብተው ነገሡ። መሣሪያ አላቸው፣ ድል አላቸው፣ ዘውድ አላቸው። ታዲያ በነገሡ በሰባተኛው ወር ለእንግሊዝ የጻፉት ተጨማሪ መድፍ ላኩልኝ ብለው አይደለም። ክብረ ነገሥት የሚባል መጽሐፍ አለ፤ የኢትዮጵያ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በእሱ ውስጥ ነው፤ በማን እጅ እንዳለ ፈልጋችሁ ላኩልኝ፤ ያለ እሱ ሕዝቤ ትእዛዜን አይቀበለኝም የሚል ነው የመልእክቱ ፍሬ ነገር።

ሙዚየሙ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱን በ1865 ታኅሣሥ መለሰ። ከመቅደላ የተወሰደው ሌላው ቅርስ ዛሬም ስንት ክርክር እያስነሣ እንደሆነ ለምታውቁ፣ ይህ በአራት ወር መመለሱ ይገርማል። በኋላ አፄ ምኒልክ መጽሐፉን ለአንድ ፈረንሳዊ፣ ለሁግ ለ ሩ፣ ለትርጉም ሲያውሱት የሙዚየሙ የመመለሻ ማስታወሻ ከነቀኑ እላዩ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጠመንጃ ያለው ንጉሥ መጽሐፍ ለምን አስፈለገው? በከፊል መልሱ ደረቅ ነው፤ በብራናው ላይ የግዛትና የአድባራት መዝገብ ስለነበረበት ሰነድነቱ ያስፈልግ ነበር። ግን መዝገብ በየትኛውም ብራና ላይ ይጻፋል። በዚህኛው ላይ የተጻፈው፣ እዚያ ላይ ሲሆን ስለሚከበር ነው። ለምን እንደሚከበር ለማወቅ በውስጡ ያለውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ራሱን ጠጋ ብለን እንየው።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለውን አስቀድሜ ላንሣ። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ላይ ስለ ንግሥቲቱ የተነገረው በ13 ቁጥሮች ያልቃል። የሰሎሞንን ዝና ሰማች፣ በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መጣች፣ ጥበቡን አይታ ተደነቀች፣ 120 መክሊት ወርቅ ሰጠችው፣ እሱም የፈለገችውን ሁሉ ሰጣት፣ ወደ አገሯ ተመለሰች። ስሟ የለም። ልጅ የለም። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር አደሩ የሚልም የለም። «የፈለገችውን ሁሉ ሰጣት» የሚለው ብቻ አለ፤ ተራኪ የሚባል ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ክፍት በር አይቶ አያልፍም።

ሙስሊም ጓደኞቻችን ይህችን ንግሥት በቁርኣን ከሱረቱ ነምል ያውቋታል፤ እዚያም ስሟ አልተጠቀሰም፣ ቢልቂስ የሚለው ከቁርኣን ውጪ ባለው ትውፊት የመጣ ነው። የእሷን ወሬ ለሱለይማን የሚያደርሰው ሁድሁድ የተባለው ወፍ ነው። በክብረ ነገሥት የወፉን ሥራ የሚሠራው ታምሪን የሚባል የኢትዮጵያ ነጋዴ ነው፤ 520 ግመሎችና 73 መርከቦች አሉት ይላል። ተራኪው ቁጥር ይወዳል። ንግሥቲቱ፣ ማክዳ፣ ራሷ ስትነሣ የተጫኑት ግመሎች 797 ናቸው። ስምንት መቶ ቢል ምን ነበረበት? 797 ሲል ግን የቆጠረ ሰው ያለ ይመስላል፤ ያመናችሁትም እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወደ እራቱ እንሂድ። ሰሎሞን ንግሥቲቱን ከመሄጃዋ ዋዜማ ግብር ይጋብዛታል። ምግቡን የመረጠው በተንኮል ነው፤ ዓሣና የሚያቃጥል ቅመም፣ መጠጡ ኮምጣጤ የገባበት። በልታ ስትጨርስ እዚሁ እደሪ ይላታል። እሷም ብልህ ናትና፣ በግድ እንዳትነካኝ ማልልኝ አለችው። እምላለሁ፣ አንቺም ከቤቴ ያለውን ማንኛውንም ነገር በግድ እንዳትወስጂ ማዪልኝ አላት። ሳቀች። የአገሬ ሀብት ከአንተ አያንስም፣ ሀብት ፍለጋ አልመጣሁም አለችና ማለች። ሰሎሞን በክፍሉ መካከል ውሃ እንዲቀመጥ አስደረገ። አልጋቸው ለየብቻ ነው። ሌሊት ጉሮሮዋ ደርቆ ነቃች፤ ተኝቷል ብላ ቀስ ብላ ተነሥታ ውሃውን አነሣች። እሱ ግን ተኝቶ አልነበረም፤ እጇን ያዘ። መሐላሽን አፈረስሽ። ውሃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ነው እንዴ? ከሰማይ በታች ከውሃ የሚበልጥ ሀብት አይተሽ ታውቂያለሽ? በጥም የተቃጠለ ሰው ለዚህ ምን መልስ አለው። እሺ አለች፤ ከመሐላውም ነፃ አወጣችው።

ሴቶች ልጆች፣ እየተያያችሁ እንደሆነ አይቻለሁ። እኔም እንደናንተ ነው የሚሰማኝ፤ ይህ የፍቅር ታሪክ ሳይሆን ወጥመድ ነው፣ ተራኪውም ወጥመድ መሆኑን አልደበቀም። የቅመሙን ነገር በዝርዝር የነገረን ለዚህ ይመስለኛል። ግን ሌላም ነገር አስተውሉ። ውሃዋን ያነሣችበት ሌሊት የተገለጸው እንደ ችሎት ነው። መሐላ አለ፣ ጥሰት አለ፣ ክርክር አለ፣ ፍርድ አለ። ከዚህ ሌሊት የሚወለደው ልጅ የዙፋን ወራሽ ሊሆን ስለሆነ፣ ተራኪው የልደቱን ነገር በሕግ ቋንቋ እያሰረው ነው።

ልጁ፣ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ የተወለደው ከዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው። ሰሎሞን ለምልክት የሰጣት ቀለበት አለ። ከእሷ ጋር ባደረበት በዚያው ሌሊት ደግሞ ሰሎሞን ሕልም አይቶ ነበር፦ በእስራኤል ላይ ስታበራ የነበረች ፀሐይ ተነሥታ ወደ ኢትዮጵያ ስትሄድ። ልጁ 22 ዓመት ሲሞላው ቀለበቱን ይዞ ኢየሩሳሌም ይወርዳል፤ ሰሎሞን ሲያየው ከአባቱ ከዳዊት መልክ ጋር አንድ ሆነበት። እዚሁ ንገሥ ቢለው አልሆነም፣ እናቴ ዘንድ እመለሳለሁ አለ። ስለዚህ የእስራኤልን ሹማምንት የበኩር ልጆች አብሮት ሰደደ። እነዚህ ልጆች የሚያለቅሱት ከአባቶቻቸው ስለተለዩ ብቻ አይደለም፤ ከጽዮን ታቦት መለየቱ ነው የከበዳቸው። የሊቀ ካህናቱ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ መላ አመጣ፤ ገንዘብ አዋጥተው በታቦቱ ልክ እንጨት ከአናጢ አሠሩ፣ በሌሊት እሱን በቦታው አኑረው እውነተኛውን ይዘው ወጡ።

እዚህ ላይ ተራኪው የሠራትን ነገር ካላየን መጽሐፉን አላነበብነውም። ምኒልክ አያውቅም! ጉዳዩ የተነገረው ግብፅ ከደረሱ በኋላ ነው። የወሰዱት ካህናቱ ናቸው፣ እነሱንም የመራቸው መልአክ ነው፤ ንጉሡ ሌባ አልሆነም። ሰው ዝም ብሎ ደስ ስለሚል ብቻ ተረት ቢያወራ እንዲህ አይጠነቀቅም። ይህን የጻፈው ሰው ነገ የሚቀርብበትን ክስ እያሰበ ነው የጻፈው።

ማን ነው የጻፈው? መቼ? በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ይስሐቅ የተባለ የአክሱም አለቃ፣ ከጓደኞቹ ጋር ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እንደመለሰው ይናገራል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. የ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ የአፄ ዓምደ ጽዮን ጊዜ ነው። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1270፣ ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ነገሥታት አስወግዶ ነግሧል። ይስሐቅም መጽሐፉ ለምን በዛጉዌ ዘመን እንዳልተተረጎመ ምክንያቱን አልደበቀም፤ መጽሐፉ ከእስራኤል ወገን ያልሆነ ሰው ቢነግሥ ሕግ መጣስ ነው ስለሚል በእነሱ ጊዜ ሊወጣ አይችልም ነበር ይላል። በግልጽ ነግሮናል! አፈ ታሪክ ስናነብ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል አናገኝም። ብዙ ጊዜ «ይህን ታሪክ ማን ፈለገው?» ብለን ራሳችን መጎርጎር አለብን፤ እዚህ ግን ተርጓሚው ራሱ በመጨረሻው ገጽ ላይ አስቀመጠልን።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ይመጣል። የተሸነፉት የዛጉዌ ወገኖች «ይህ ተረት ነው» አላሉም። እነሱም ታሪክ አላቸው። ማክዳ ኢየሩሳሌም ስትሄድ ደንገጡሯ አብራት ነበረች፤ ያን ሌሊት ደንገጡሯም ጠማት፣ እሷም ውሃ ጠጣች፣ እሷም ከሰሎሞን ወለደች፤ የዛጉዌ ነገሥታት ከዚያ ልጅ ይወለዳሉ የሚል ትውፊት አለ። ሌላ ትውፊት ደግሞ ዘራቸውን ወደ ሙሴ ያደርሰዋል። የደንገጡሯን ታሪክ ሁለቱም ወገን ሊጠቀምበት ይችላል፤ አንዱ «እኛም የሰሎሞን ልጆች ነን» ለማለት፣ ሌላው «እናንተማ የገረድ ልጆች ናችሁ» ለማለት። ክርክሩ የሚካሄደው በታሪኩ ውስጥ ገብቶ ነው እንጂ ውጪ ቆሞ አይደለም። ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው፣ ክብረ ነገሥት ባዕድ ያደረጋቸውን የዛጉዌ ነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን ማድረጓ ነው፤ ላሊበላ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ነአኩቶ ለአብ። አንድ አገር ሁለቱንም ይዞ ሰባት መቶ ዓመት ኖሯል።

ወደ ኋላ የተቀመጠው ጓደኛችን አሁን የሚለውን አውቃለሁ፤ «ይሄ ሁሉ ድሮ ነው።» እሺ፣ ወደዚህ እንቅረብ። በ1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ስታወጣ፣ ዘውዱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንደማይወጣ ተደነገገ፤ ምክንያቱም ይህ ዘር ሳይቋረጥ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ስለሚወርድ ነው ተባለ። በ1948 ዓ.ም. ሲሻሻልም አንቀጽ 2 ላይ ይኸው ሐሳብ ተደገመ። ልብ በሉ፣ ይህ ፓርላማ፣ ሚኒስቴር፣ አየር መንገድ ያለበት ዘመን ነው። ያ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ሳለ ትምህርት ቤት የሄዱ አያቶች በየቤታችን አሉ። የውሃዋ ሌሊት የሕግ አንቀጽ ሆና ኖራለች ማለት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ አንቀጹም አብሮ ወረደ፤ የዛሬው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን የሚጀምረው ከብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው፣ የማንንም የዘር ሐረግ አይጠራም።

ስለዚህ አለቀለት? ወደ ሻሸመኔ ሂዱና ጠይቁ። ጃማይካ ሰፈር የሚባለው የተቆረቆረው ንጉሠ ነገሥቱ በ1940ዎቹ በሰጡት መሬት ላይ ነው። ከካሪቢያን ውቅያኖስ አቋርጠው የመጡት ራስተፈሪያን ስለ ንጉሡ ካላቸው እምነት አንዱ ምሰሶ ያ የሰሎሞን ዘር ነው። እኛ ከሕጋችን ያወጣነውን ታሪክ እነሱ ቤት ሠርተውበታል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የቤተ እስራኤል ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቤተ እስራኤል ከየት መጡ ለሚለው ከአንድ በላይ ትውፊት አለ። አንደኛው አሁን የነገርኳችሁ ነው፤ ከምኒልክ ጋር የመጡት የበኩር ልጆች ዘሮች ናቸው የሚለው። ሌላው ከአሥሩ የጠፉ ነገዶች አንዱ የሆነው የዳን ነገድ ወደ ኩሽ አገር ወርዷል የሚለው ነው፤ ይህኛው በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ ቢያንስ ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይነገራል፣ ከኤልዳድ ሃ-ዳኒ ከሚባል መንገደኛ ጋርም ይያያዛል። በ16ኛው መቶ ዓመት ግብፅ የነበሩት ረቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከኢትዮጵያ ስለመጡ አይሁድ ተጠይቀው፣ የዳን ነገድ ናቸው ብለው ጽፈዋል።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች በአንድ የእስራኤል ረቢ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸው። የመጀመሪያው ታሪክ ችግር አለበት። ታቦቱ ከኢየሩሳሌም ተወሰደ፣ የእግዚአብሔር ክብር ከእስራኤል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፣ አዲሲቱ እስራኤል ክርስቲያኒቱ ኢትዮጵያ ናት ብሎ የሚጨርስ መጽሐፍ ነው። አንድ ረቢ በዚህ ላይ ተመሥርቶ እንዴት ይፈርዳል? ሁለተኛው ታሪክ ግን የገዛ ሊቃውንቱ የጻፉት፣ በገዛ ሕጉ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሴፋርዲም ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ የቤን ዚምራን ቃል መሠረት አድርገው፣ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ልጆች፣ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ ለእነሱም እንደሚሠራ ተቀበለ። ከዚያ በሱዳን በኩል የእግር ጉዞው፣ ዘመቻ ሙሴ፣ በመጨረሻም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ያወጣው የአውሮፕላን ጉዞ መጣ። የዘመቻውን ስም ታውቁታላችሁ፤ ዘመቻ ሰሎሞን! ለሕጉ የተመረጠው የዳን ታሪክ ነው፤ ለስሙ ግን ሰሎሞን ተመለሰ።

ታሪክ ብቻውን ሁሉን ነገር አልፈታም፣ ይህንንም መናገር አለብኝ። የእስራኤል የሃይማኖት መሥሪያ ቤት ከፍርዱ በኋላም ለጥንቃቄ ተብሎ በውሃ የመጠመቅ ሥርዓት ካልፈጸማችሁ ብሎ ነበር፤ ቤተ እስራኤሎቹም «አይሁድነታችን ተጠራጣሪ አገኘ እንዴ?» ብለው እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ውስጥ ተቃውሞ ወጡ። ፖለቲካው፣ ጦርነቱ፣ ድርቁ፣ ገንዘቡ ሁሉ የየራሱ ድርሻ አለው። ግን ከሁለት የመነሻ ታሪኮች የትኛው በሕግ ፊት እንደሚቆም የብዙ ሺህ ሰው ዕጣ የተንጠለጠለበት ጥያቄ ነበር፤ ይህ ደግሞ የሆነው ወላጆቻችን በሕይወት ሳሉ ነው።

አሁን በተቃራኒው በኩል ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ብዬ «ስለዚህ ታሪኩ እንዳለ እውነት ነው» ወደማለት ብትወስዱኝ አልሄድም። አፈ ታሪክ የማይሠራው ሥራ አለ። አክሱም የሄዳችሁ ዱንጉርን አይታችኋል፤ የከተማው ሰው የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል። ሃምሳ ያህል ክፍሎች ያሉት ድንቅ ግንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፍራንሲስ አንፍሬ የሚባሉ ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ቆፍረውታል፤ የግንቡ አሠራርና ከውስጡ የወጣው ዕቃ ዕድሜውን ወደ 6ኛው መቶ ዓመት ድኅረ ልደት ያመጣዋል። ሰሎሞን ደግሞ በ10ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት ነው የሚቀመጠው። መካከሉ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ነው! ማክዳ እዚያ ቤት ውስጥ ልትኖር አትችልም። ይህን ስል አስጎብኚዎችን ማሳፈሬ አይደለም፤ ቦታው የእሷ መባሉ ራሱ ሊጎበኝ የሚገባ ነገር ነው። «ሰው እንዲህ ይለዋል፣ ድንጋዩ ደግሞ እንዲህ ይላል» ብለው ሁለቱንም ቢነግሩን ነው የምፈልገው።

ከባሕር ማዶም ጉዳዩ ያው ነው። የመን ውስጥ ማሪብ ላይ የቢልቂስ የሚባሉ ሁለት ጥንታዊ ፍርስራሾች አሉ፤ ቁፋሮው ያሳየው አልመቃህ ለሚባለው የሳባ አምላክ የተሠሩ ቤተ መቅደሶች መሆናቸውን ነው። እንግዲህ የመኖችም «የእኛ ናት» ይላሉ፣ እኛም «የእኛ ናት» እንላለን። ቀዳሚው ማን ነው ብሎ መጨቃጨቅ ይቻላል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የሐ ነው። የሐ ላይ ያለው፣ ዛሬም ግድግዳው የቆመው ቤተ መቅደስ በግምት የ7ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደት ሲሆን፣ እዚያም የሚመለከው ያው አልመቃህ ነበር። በአካባቢው የተገኙ የድንጋይ ጽሑፎች በሳባ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ የጊዜው ገዢዎችም ራሳቸውን የደዓማትና የሳባ ገዢ ብለው ይጠሩ ነበር። ማክዳን በስም የሚጠራ አንድም ድንጋይ አልተገኘም። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሁለቱን ዳርቻ ያያያዘ ሳባ የሚባል ስም ግን በድንጋይ ላይ ተጽፎ አለ፤ ክብረ ነገሥት ከመጻፉ ሁለት ሺህ ዓመት በፊት። ታሪኩ የዚያን ትዝታ ይዞ ይሆን ወይስ ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አገኘው? እኔ የመጀመሪያውን ማመን ደስ ይለኛል፤ ግን ደስ ስላለኝ ማስረጃ አይሆንም።

ሌላ የማልሸሸው ነገር አለ። በዚህ ክፍል ውስጥ «ይህ የአያቴ ታሪክ አይደለም» የሚል ብዙ ጓደኛ አለን፣ ልክም ነው። ክብረ ነገሥት አንድን ዘር ከፍ ሲያደርግ ሌላውን ከበር ውጪ ያስቀምጣል። ዛጉዌ መጀመሪያ የወጡት ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ግን አይደሉም። ሕገ መንግሥቱ ላይ ያ አንቀጽ ሲጻፍ አያቶቻቸው ሰሎሞንን ጨርሶ የማያውቁ ሚሊዮኖች በዚያው ሕግ ሥር ይተዳደሩ ነበር። ዛሬ ስለ ታሪክ መማሪያ መጻሕፍት የምንሰማው ጭቅጭቅ አንዱ ምንጭ ይህ ነው፦ የአገር መነሻ ከየት ይቆጠር፣ በማን ታሪክ ይጀመር። ሰው ለእንቅልፍ በሚሆን ነገር እንደዚህ አይጣላም።

ስዕሎቹን ሳላነሣ ብጨርስ ይቆጨኛል። ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ደጃፍ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በትንንሽ ክፈፍ ተከፋፍሎ የተሳለበት ሸራ ተሰቅሎ ታያላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ 44 ክፈፍ ነው። ቆም ብላችሁ ከመጀመሪያው ክፈፍ ጀምሩ። ማክዳ የለችም! ያለው ሕዝብ የሚገብርለት ትልቅ ዘንዶ ነው። ከዚያ አንድ ሰው መርዝ ያበላት ፍየል ይሰጠዋል፣ ዘንዶው ይሞታል፣ ገዳዩ ይነግሣል፤ እሱም የማክዳ አባት ነው። ይህ ክብረ ነገሥት ውስጥ የለም። የመጣው ከአፍ ነው፤ ሠዓሊዎቹ አምጥተው ከፊት ቀጠሉት። ይስሐቅ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላም ታሪኩ አልተዘጋም ማለት ነው። እናም ዙፋን በዘር ይገኛል ከሚለው መጽሐፍ ፊት፣ ሕዝቡን ከጭራቅ ያዳነ ይንገሥ የሚል ሌላ ሐሳብ ተቀምጧል። ሁለቱ አይስማሙም፤ አንድ ሸራ ላይ ግን አብረው ይሸጣሉ።

እንግዲህ ወደ ሐሳቤ ልግባ። በሚቀጥለው ወር የሚኒ ሚዲያው ተራ የእኛ ክበብ ነው። ይህን አንድ ታሪክ በተለያየ አፍ እናቅርበው እላለሁ። አንዱ የአክሱምን ይንገር፣ አንዱ የማሪብን፣ አንዱ የላስታን ከነደንገጡሯ፣ አንዱ የሻሸመኔን፣ አንዱ የቤተ እስራኤልን። እያንዳንዱ ታሪኩን ከጨረሰ በኋላ ሁለት ነገር ይመልስ፦ ይህን ማን፣ መቼ አወራው? ሲያወራው ምን አገኘበት? ቤቱ ሌላ የመነሻ ታሪክ ያለው፣ ከጋሞም ይሁን ከቦረና ወይም ከሐረር፣ የራሱን ያምጣና በእነዚሁ ጥያቄዎች እናስተናግደው፤ ለሰሎሞን ያላደላነውን ለማንም አናዳላም። አስተባባሪያችን ከፈቀዱ ስም መመዝገቢያው ወረቀት እዚህ ነው። ማሪብን እኔ ወስጃለሁ። ላስታን ደግሞ ከኋላ ለተቀመጠው ጓደኛችን ጽፌለታለሁ፤ እንቅልፉ ካልመጣ።